ጥላው ሁለት ፀሐይ ካሳየ ቀብድ አንከፍልም

ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዞር የሰነበተ ምስል አለ። ሞያሌ ላይ ይሠራል የተባለ ባለ አንድ ፎቅ የገበያ ሕንፃ ነው፤ ከታች ሱቆች ተደርድረዋል፣ ከፊት መኪና ቆሟል። «ሳያልቅ ቀብድ ይያዙ» ይላል። ከመካከላችን ገንዘብ ለማዋጣት የተነሡ አሉ። እኛ አንስማማም፤ ምክንያታችንም እዚያው ምስሉ ላይ አለ።

ገና ያልተሠራ ሕንፃ በኮምፒውተር ተሠርቶ ሲታይ ሬንደር ይባላል። ደንበኛው ሬንደር የሚነሣው ከሞዴል ነው፤ ምሰሶውም ደረጃውም በልኬት ይቀመጣል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ ምስል ግን ሕንፃ ይምሰል እንጂ ከጀርባው ልኬት ላይኖር ይችላል።

መጀመሪያ ጥላውን እንይ። በቀን ብርሃን ፀሐይ አንዲት ናት። ፀሐይዋ ፊት ለፊታችን ከሆነች የግራው ጥላ ወደ ግራ፣ የቀኙ ወደ ቀኝ ሊከፈት ይችላል፤ ይህ ስሕተት አይደለም። በዚህ ምስል ግን የምሰሶዎቹ ጥላ ሁሉ ወደ ቀኝ ሲወድቅ፣ በሁለት ምሰሶ መካከል የቆመው መኪና ጥላ ወደ ግራ ሄዷል። ይህን የሚያደርግ አንድ ፀሐይ የለም።

ቀጥሎ ወለሉን። አንድ ዓይነት የድንጋይ መልክ ተደጋግሞ መታየቱ ብቻውን አያስፈርድም፤ በደንበኛው ሬንደርም አንድ ፎቶ እየተደጋገመ ይነጠፋል። እኛ የቆጠርነው ረድፉን ነው። ከምሰሶው በስተግራ ሰባት ረድፍ ሴራሚክ የነበረው፣ ምሰሶውን አልፎ ሲወጣ አምስት ሆኗል።

በመጨረሻ መጋጠሚያውን። ሦስተኛው ምሰሶ ከታች ከበረንዳው ፊት ይነሣና ላይ ሲደርስ ከበረንዳው ኋላ ይገባል። የደረጃው መደገፊያ ብረትም አንዱ እግሩ ምንም ላይ አላረፈም። ይህን የትኛው ግንበኛ ይሠራዋል?

«ምስሉ ለማሳያ ብቻ ነው» ይሉናል። እውነት ነው፣ ትክክለኛ ሞዴል ያለው አርክቴክትም ምስሉን በዚህ መሣሪያ አሳምሮ ሊያበላሸው ይችላል፤ ስለዚህ ሌባ ናቸው አላልንም። ንጹሕ ምስልም ቢሆን ሕንፃው ስለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። ግን ሞዴል ካለ ሕንፃውን ከሌላ ጎን ማሳየት ቀላል ሥራ ነው። ያንንና ልኬት ያለበትን የወለል ፕላን ያምጡ፤ ምሰሶውንና በሩን በሦስቱም ላይ እንቁጠር። ቁጥሩ ከገጠመ ወደ ይዞታ ማረጋገጫውና ወደ ግንባታ ፈቃዱ እንሄዳለን። ካልገጠመ ግን የሚሸጡልን ሱቅ በልኬት ስለመነደፉ ማስረጃ አላሳዩንም ማለት ነው፤ መነደፉ ላልታየ ሱቅ ደግሞ ቀብድ የለንም።