«ሌሎች» የምትባለው ቃል

ጓደኛዬና ሚስቱ ከተጋቡ ገና ወራቸው ነው። ገርጂ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት በ12,000 ብር ተከራዩ። በሕይወታቸው የፈረሙት የመጀመሪያ ውል ስለሆነ ፎቶ ሁሉ አንስተውታል። (ቤቱን አይደለም፣ ውሉን።)

የሁለት ወር ቅድሚያ 24,000 ብር ከፈሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ከዚያ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ ይከለክላል። አከራይዋ እትዬም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ስለዚህ ሦስተኛውን 12,000 «ቅድሚያ» አላሉትም፤ «የቀለምና የጥገና መያዣ» ብለው ተቀበሉት። ደላላውም «አስር ፐርሰንት» ሲል የአንድ ወር መስሏቸው 1,200 ብር ይዘው ነበር። እሱ ያሰላው ከ36,000ው ላይ ነው። 3,600 ብር ቆጥረው ሰጡት።

ይሄ ሁሉ ቀላሉ ነው። ዋናው ጉድ የመጣው ወሩ ሲያልቅ ነው።

«ልጆቼ፣ መብራት 1,200፣ ውሃ 300፣ ዘበኛ 500» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ ይሄ መቼ ተባለ?»

«ፈርማችኋል እኮ!»

እውነትም ፈርመዋል። ውሉ «መብራት፣ ውሃ እና ሌሎች ወጪዎችን ተከራይ ይሸፍናል» ይላል። ዘበኛው ያለው «ሌሎች» ውስጥ ነው። ነገ የጄኔሬተር ነዳጅም፣ የሴፕቲክ ታንክ ማስመጠጫም እዚያው ይገባል። እንግዲህ ቤቱ 14,000 ሆነ ማለት ነው። አዋጁ በኪራይ ጭማሪ ላይ ገደብ አስቀምጧል፤ በ«ሌሎች» ላይ የሚጨመረውን ግን ማን ይቆጥረዋል?

የመብራቷ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ግቢው አራት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። ቢሉ 4,800 ብር መጣ፣ ለአራት እኩል ተካፈለ። ሙሽሮቹ ያላቸው አንድ ስቶቭና ሁለት አምፖል ነው። እትዬ ጋ ግን ለሰባት ሰው እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል፣ ፍሪጅ አለ፣ የሻወር ማሞቂያ አለ። በዚያ ላይ ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ ስለሚል፣ ሁሉም አንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመር የሙሽሮቹ አምፖልም በውዱ ዋጋ ይበራል። ለነሱ ክፍል ብቻ የምትቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ብትገጠም ጭቅጭቁ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። እትዬ ግን ለምን ብለው ያስገጥማሉ?

እኛስ? ጫማ ስንገዛ ግማሽ ቀን እንከራከራለን፤ የሁለት ዓመት ውል ግን ደላላው ሞተር ሳይክሉ ላይ ዘርግቶልን ቆመን እንፈርማለን። «ሌሎች ማለት ምንድን ናቸው? ስንት ብር ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍረናል። መያዣው መቼና በምን ሁኔታ እንደሚመለስ ውሉ ላይ አንድ መስመር አልተጻፈም፤ ጓደኛዬ እንኳን ያስተዋለው እኔ ስጠይቀው ነው። የባንክ ሠራተኛ ነው እኮ!

ውሉ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት ሰኞ ወረዳ ሊሄዱ ተቀጣጥረዋል። እትዬ ትናንት ማታ በር አንኳኩተው መታወቂያዬ ጠፋብኝ ብለዋቸዋል።