ግድግዳው ሲንኳኳ ምን ይላል?

እዚህ ዳላስና ፎርት ዎርዝ የቤታችን የውስጥ ግድግዳ በአብዛኛው ሺትሮክ ስለሆነ የሲሚንቶ ልስን እምብዛም አናይም። አዲስ አበባ ቤት የምናሠራ ሰዎች ግን ገንዘቡን ከዚህ ልከን ልስኑን በስልክ ቪዲዮ ነው የምናየው። ቪዲዮ ልስኑ ማማሩን ያሳያል እንጂ ብሎኬቱን መያዙን አያሳይም። ስለዚህ ለሳኙን ምን እንደምንጠይቅ እንወቅ።

ብሎኬቱ አቧራ ካለበት ልስኑ አይይዝም። በጣም ከደረቀ ደግሞ የሞርታሩን ውሃ ይመጠውና ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይቀራል። ስለዚህ ግድግዳው መጀመሪያ በብሩሽ ይጠረግ፣ ቀጥሎ ውሃ ይረጭ። ላዩ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ሳይኖር ውስጡ እርጥብ ሲሆን ሥራው ይጀመር። የመጀመሪያው ዙር ቀጭንና ሻካራ ሆኖ ይመታና ቢያንስ አንድ ቀን ይቆያል፤ ሻካራነቱ ቀጣዩን ዙር ይይዛል። ቀጣዩ ዙር ከ15 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ወፍራም ልስን በአንዴ ከተለጠፈ በክብደቱ ወደ ታች ይንሸራተትና ከኋላው ክፍተት ይተዋል።

4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ግድግዳ እንውሰድ። 12 ካሬ ነው፤ በ15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ከብክነቱ ጋር አንድ ከረጢት ተኩል ሲሚንቶ ገደማ ይበላል። ለአንድ ሲሚንቶ አራት አሸዋ ከሆነ፣ ለአንዱ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ሰባት አሸዋ ይገባል። አሸዋው የታጠበና የተነፋ ይሁን፤ አፈር ያለበት አሸዋ ብዙ ውሃ ይጠይቃል። ሁለቱ በደረቁ አንድ ዓይነት ቀለም እስኪይዙ ይደባለቁ፣ ከዚያ ውሃው ጥቂት በጥቂት ይጨመር። የተቦካው በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ይለቅ፤ መጠንከር የጀመረውን ውሃ ጨምሮ ማለስለስ ጥንካሬውን ይገድለዋል።

የፀጉር ያህል የቀጠኑት ስንጥቆች ሌላ ምክንያት አላቸው። ሲሚንቶ ወይም ውሃ ሲበዛ፣ ላዩን ለማለስለስ ደረቅ ሲሚንቶ ሲነሰነስ፣ ወይም ልስኑ ቶሎ ሲደርቅ ይመጣሉ። በበጋ መስታወት ባልገባለት መስኮት የሚገባው ደረቅ ነፋስ በግማሽ ቀን ያደርቀዋል። ስለዚህ መስኮቱ በላስቲክ ይሸፈን፣ ልስኑም ለሰባት ቀን በየዕለቱ ውሃ ይጠጣ። የኮንክሪት ኮለንና ብሎኬት በሚገናኙበት ቦታ ደግሞ ከልስኑ በፊት የዶሮ ሽቦ ይመታ፤ ያለሱ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይወጣል፣ ቢደፈንም ይመለሳል።

ቀለም ከመቀባቱና የመጨረሻው ክፍያ ከመውጣቱ በፊት አንድ ዘመድ ግድግዳውን በሳንቲም ያንኳኳ። ልጆችም ለእረፍት ሲሄዱ ይችሉታል። የያዘው ልስን ደፈን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የለቀቀው እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል። የሚጮኸው ቦታ በጠመኔ ይከበብ፣ እስከ ብሎኬቱ ተፈልፍሎ እንደገና ይለሰን። የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ያለበት ቦታ ግን ድምፁ ደፈን ካለ ልስኑ ይዟልና መፍረስ አያስፈልገውም፤ ስንጥቁ ተደፍኖ ይቀባል።