የቤተሰቡ የይለፍ ቃል የት ይቀመጥ?

በብዙዎቻችን ቤት የይለፍ ቃል የሚቀመጠው ቴሌግራም ውስጥ ነው። የኔትፍሊክሱ፣ የዋይፋዩ፣ የኢሜይሉ፣ አንዳንዴም የባንኩ ፒን ሳይቀር ባልና ሚስት በሚጻጻፉበት መስመር ላይ ተደርድሮ ይገኛል። ስልኩን ለካርቱን የተቀበለ ልጅም ሆነ ስክሪን ሊቀይር የተረከበ ጠጋኝ ሊያነበው ይችላል። ለዚህ ተብለው የተሠሩት ፓስዎርድ ማኔጀሮች ናቸው፤ የቤቱን የይለፍ ቃሎች በሙሉ በአንድ ዋና ቁልፍ ቆልፈው የሚይዙ መተግበሪያዎች። የውጭ መጽሔቶች እነዚህን በክፍያና በአጠቃቀም ቅለት ያወዳድሯቸዋል። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ይከፈታሉ ወይ?

እንዲህ ያለ ቤተሰብ እናስብ። አባት በዋግ ኽምራ ኒሯቅ ይሠራል። እናት ከትንሹ ልጅ ጋር ሰቆጣ ናት። ትልቋ ልጅ አዲስ አበባ ትማራለች። ትንሹ ፊልም የሚያይበትን አሮጌ ስልክ ጨምሮ በቤቱ አራት ስልክ አለ። አባትና እናት የየራሳቸው የባንክ ሒሳብና ቴሌብር አላቸው፤ ኔትፍሊክሱ ግን አንድ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ቴሌብር በ `*127#`፣ የንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግ ደግሞ በ `*889#` ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ፒኑን ግን ማስታወስ ያስፈልጋል። ፒኑ የተጻፈበት መተግበሪያ “ኢንተርኔት አብራ” ካለ፣ ለዚያ ቤተሰብ ምንም አልጠቀመም።

ስለ ባንክ አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። የኔትፍሊክስ የይለፍ ቃል በየትኛውም ስልክ ቢጻፍ ይከፍታል። የአገራችን የባንክ መተግበሪያና ቴሌብር ግን ከስልክ ቁጥሩ ጋር የተሳሰሩ ናቸው፤ በሌላ ስልክ ልትከፍቷቸው ስትሞክሩ ማረጋገጫው የሚላከው ወደ ባለቤቱ ሲም ነው። ስለዚህ የአባትን ፒን ለእናት ማጋራት ስልኩ ኒሯቅ እያለ ሰቆጣ ላይ ብዙም አይረዳም። ገንዘብ ቢጎድል ግን ማን እንደላከው ለማስረዳት ያስቸግራል። ባልና ሚስት በአንድ ገንዘብ ማዘዝ ከፈለጉ መንገዱ ባንክ ሄዶ የጋራ ሒሳብ መክፈትና በሁለቱም ቁጥር አገልግሎት ይሰጥ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ፒን እያንዳንዱ በግል ክፍሉ ያስቀምጠው። በጋራ ክፍል የሚገባው ኔትፍሊክስ፣ ዋይፋይ፣ የትምህርት ቤት ገጽና የመሳሰለው ነው።

ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚጠቀምበት የጎግል ማኔጀር ነው። አንድሮይድ ስልክ “ላስቀምጠው?” ሲላችሁ እሺ ያላችሁት ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ነጻ ነው፤ በጎግል የቤተሰብ ቡድን ውስጥ ላሉም ማጋራት ይቻላል። የሚጋራው ግን ቅጂ ነው፤ እናት የኔትፍሊክሱን ብትቀይር ልጅቷ ዘንድ ያለው አሮጌው ሆኖ ይቀራል፤ እንደገና መላክ አለባት። ከዚህ የሚከፋው ሌላ ነው። እኛ አገር ስልክ ሲገዛ ጂሜይሉን የሚከፍትልን ብዙ ጊዜ ባለሱቁ ነው፤ የይለፍ ቃሉን የማያውቅ ገዢ ስንት አለ! ያ ስልክ የጠፋ ቀን የቤቱ ቁልፎች አብረው ይጠፋሉ። ጎግልን የምትመርጡ ከሆነ ዛሬውኑ የጂሜይሉን የይለፍ ቃል ራሳችሁ ቀይሩ።

ሁለተኛው ቢትዋርደን ነው፤ መተግበሪያ መደብሩ ላይ Bitwarden ብላችሁ ታገኙታላችሁ። ለአንድ ሰው በነጻ የፈለገውን ያህል የይለፍ ቃል በፈለገው ያህል ስልክ ይይዛል። በነጻው ማጋራት የሚቻለው ግን በሁለት ሰው መካከል ብቻ ነው። ስድስት ሰው የሚይዘው የቤተሰብ ጥቅል በዶላር የሚከፈል ስለሆነ፣ የውጭ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ ለሌለው ቤት አይመችም። ለምሳሌው ቤተሰብ ሁለቱ ይበቃሉ ባይ ነኝ። አባትና እናት ይጋሩ፤ የልጅቷና የትንሹ ስልክ ላይ ኔትፍሊክስ አንዴ ከተከፈተ ከፍቶ ስለሚቆይ የይለፍ ቃሉን ማወቅ አያስፈልጋቸውም።

ቢትዋርደን ኢንተርኔት ሲጠፋ ማንበብ ያስችላል፤ አዲስ መጻፍ ወይም ማስተካከል ግን አይቻልም። ይህም የሚሆነው በቅንብሩ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ካልተነካ ምን ያድርግ ለሚለው Lock የሚለውን ከመረጣችሁ ነው። Log out ከሆነ ተመልሶ ለመግባት ኢንተርኔት ግድ ይላል። ሞክሩት፤ ስልኩን የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉና መተግበሪያውን ክፈቱ። ፒናችሁ ከታየ ደህና ነው።

ኔትወርኩ ጭራሽ ለማይታመንበት ሦስተኛ መንገድ አለ፤ KeePassDX የተባለው የአንድሮይድ መተግበሪያ። የይለፍ ቃሎቹን ስልኩ ላይ ባለ አንድ የተቆለፈ ፋይል ይይዛል፤ መለያ መክፈትም ኢንተርኔትም አይጠይቅም፤ ነጻ ነው። ፋይሉን በብሉቱዝ ወደ ሌላው ስልክ ማሻገር ይቻላል፤ ያለ ዋናው ቁልፍ አይከፈትም። ችግሩ አባት ኒሯቅ ላይ እናትም ሰቆጣ ላይ በየፊናቸው ከጻፉ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች መፈጠራቸው ነው። የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሌላው ይቀበል። ከዚህም ሌላ ፋይሉ በአንድ ስልክ ብቻ ካለ ስልኩ ሲሰበር ፋይሉም ሄደ ማለት ነው፤ ቢያንስ በሁለት ስልክ ይቀመጥ።

ለዚህ ቤተሰብ ምርጫዬ ቢትዋርደን ነው። አባት አብዛኛውን ዓመት ኔትወርክ የማያገኝ ከሆነ ግን KeePassDX።

የትኛውንም ብትመርጡ ዋናው ቁልፍ የእናንተ ኃላፊነት ነው፤ የቢትዋርደን ድርጅት እንኳን ሊያወጣላችሁ አይችልም። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት አምስት ቃላት ደርድሩ፤ ለምሳሌ `dildiy-muqecha-berbere-wenber` (ይህንኑ ግን አትጠቀሙ)። በላቲን ፊደል ስትጽፉ አጻጻፉ ላይ ተስማሙ፤ ጸሐይ tsehay ነው ወይስ tsehai? በግዕዝ ፊደል ከሆነም ሀ፣ ሐና ኀ ለስልኩ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በወረቀት ጻፉትና የቤቱ ካርታና የጋብቻ ወረቀት ካሉበት አኑሩት።

በዚያው ወረቀት ላይ የኢሜይሉም የይለፍ ቃል ይኑር። ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ስልክ ጠፍቶ በአዲስ ስልክ ቢትዋርደንን ስትከፍቱ የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ኢሜይላችሁ ይልካል። የኢሜይሉ የይለፍ ቃል ያለው ቢትዋርደን ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ሳጥኑን የሚከፍተው ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል።

ሁሉም ገብቶ መሥራቱን ካያችሁ በኋላ የቴሌግራሙን መልእክቶች ከሁለቱም ወገን አጥፉ፤ እዚያ የተጻፈውን ፒንም ቀይሩት። ትንሹ የሚያይበትን አሮጌ ስልክ ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ከኔትፍሊክሱና ከጂሜይሉ ውጡ።