ጨጓራችንን የሚያስቀይመው የቡናው ኮምጣጣነት ነውን?

ቡና በጠጡ ቁጥር ጨጓራቸው የሚነድ፣ ቃር የሚነሳባቸው ወይም እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎች በየቤቱ አሉ። ብዙዎቹ «ቡናው አሲድ ስላለው ነው» ይላሉ። ከዚያም አንዱ አሲዱ አነስተኛ ነው ተብሎ የሚሸጥ ቡና በውድ ዋጋ ይገዛል፤ ሌላው ደግሞ ቡናውን እስኪጠቁር ይቆላዋል። በእኛ አመለካከት ሁለቱም የሚሰጡት ጥቅም ጥቂት ነው። ይበልጥ የሚያዋጣው ቡናው የሚጠጣበትን ሰዓት፣ መጠኑንና ጀበናውን የሚካፈሉትን ሰዎች ቁጥር ማየት ነው።

በመጀመሪያ ኮምጣጣነቱን እንመልከት። የአሲድ መለኪያ ፒኤች ይባላል። ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል፤ አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥርም አሲዱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። የቡና ፒኤች 5 አካባቢ ነው። በደንብ የቦካ እንጀራ ከ4 በታች ሊሆን ይችላል፤ የሎሚ ጭማቂ ወደ 2 ይጠጋል፤ የባዶ ጨጓራ የራሱ አሲድ ደግሞ ከ1.5 እስከ 2 ይደርሳል። ታዲያ ጧትና ማታ እንጀራ በልቶ ምንም የማይሰማው ሰው ቡናውን በኮምጣጣነቱ ሊወቅሰው አይችልም።

ቡና ጨጓራን የሚያስቸግረው አሲድ ይዞ ስለገባ ሳይሆን፣ ጨጓራው የራሱን አሲድ እንዲያመነጭ ስለሚቀሰቅሰው ነው። ከቀስቃሾቹ አንዱ ካፌይን ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም። ካፌይኑ የወጣለት ቡና እንኳ ጨጓራን አሲድ ያስመነጨዋል። ጨጓራው ውስጥ ምግብ ካለ ይህ አሲድ የሚሠራው ሥራ አለው። ባዶ ከሆነና ግድግዳው ቀድሞ የቆሰለ ከሆነ ግን ማቃጠሉ ይሰማል። አባቶቻችንና እናቶቻችን «የቡና ቁርስ» ማለታቸው ትክክል ነበር፤ ስህተቱ ቆሎው ወይም ዳቦው ከአቦል በኋላ ሲመጣ ነው። ሕመም የሚሰማዎት ከሆነ ቅድሚያውን ለዳቦው ይስጡት።

ስለ ጠቆረ ቡና የሚባለው ጨርሶ ከንቱ አይደለም። ቡና በደንብ ሲቆላ ከአሲዶቹ ከፊሉ ይቀንሳል፤ የአሲድ ምርትን ያለዝባል ተብሎ የሚታሰብ አንድ ውህድም በመቆላቱ ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ አንድ የአውሮፓ ጥናት ላይ ጠቆር ያለ ቡና የጠጡ ሰዎች ጨጓራ መካከለኛ አቆላል ያለውን ሲጠጡ ከሚያመነጨው ያነሰ አሲድ አመነጭቷል። ይሁንና ተሳታፊዎቹ 9 ጤነኛ ሰዎች ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የታተመው ጥናት ደግሞ ቡና የሚያማቸውን 30 ሰዎች ወስዶ በሁለት ዓይነት መንገድ የተቆላ ቡና ሲያጠጣቸው፣ በቃርና በሆድ ሕመም ረገድ ልዩነት አላገኘም። ለእኛ ይበልጥ የሚመዝነው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም የተጠየቁት በሽተኞቹ ራሳቸው ናቸው። የታጠበ ይርጋጨፌ ከደረቁ የሐረር ቡና ይልቅ በአፍ ላይ ኮምጠጥ ይላል፤ ሆኖም ምላስ የለየውን ሁሉ ጨጓራ ይለየዋል ማለት አይደለም።

መንቀጥቀጡ፣ የልብ ምት መፍጠኑና የእንቅልፍ መጥፋቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የእነዚህ መንስኤ ካፌይን ነው። ካፌይን በመቆላት ተቃጥሎ አይጠፋም፤ ስለዚህ ቡናውን ማጥቆር ለዚህ ፋይዳ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት እንሥራ። የአገራችን ቡና አረቢካ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከተቆላው ክብደት ውስጥ 1.2 በመቶ ገደማ ካፌይን ነው። በአንድ ጀበና 40 ግራም ዱቄት ብናፈላ በውስጡ 480 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን አለ። ሁሉም ባይወጣም፣ ጀበናውን 6 ሰዎች ከአቦል እስከ በረካ ቢካፈሉት ለእያንዳንዳቸው ከ80 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ጎረቤት ሳይመጣ ቀርቶ ያንኑ ጀበና 3 ሰዎች ቢጨርሱት ግን ድርሻቸው ወደ 160 ያድጋል። ሁሉም «ሦስት ስኒ ጠጣሁ» ነው የሚሉት፤ በሁለተኛው ቀን ግን ስኒዎቹ ይበልጥ ተሞልተዋል፣ ወይም ቡናው ወፍሯል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው አስተያየት ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም አያሰጋም ብሏል። እንግዲህ ከሦስቱ ጠጪዎች አንዷ ነፍሰ ጡር ከሆነች ከሰዓት በኋላ የሚፈላው ሁለተኛ ጀበና ከልኳ ያሳልፋታል።

ካፌይን በውኃ በቀላሉ ስለሚሟሟ አብዛኛው የሚወጣው በአቦሉ ነው። ስለዚህ የሚንቀጠቀጥ ሰው ከቡናው ማዕድ መነሳት የለበትም፤ አቦሉን አሳልፎ ከቶና ወይም ከበረካ ቢጀምር ብዙ ይቀልለታል። አቦልን ማለፍ እንደ ንቀት የሚቆጠርበት ቤት ካለ፣ አስተናጋጇ ግማሽ ስኒ ብትቀዳለት ምን ይጎድላል?

አንዱ ቡና ጠጥቶ ወዲያው ሲተኛ ሌላው ሌሊቱን የሚያነጋበትም ምክንያት አለ። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ የካፌይኑ ግማሽ ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በእርግዝና መጨረሻ ወራት ግን ከዚህ በብዙ ይረዝማል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም የካፌይንን መውጣት ያዘገያል። «ያው የለመድኩት ቡና ዛሬ ለምን አንቀጠቀጠኝ?» የሚል ሰው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ለፋርማሲው ባለሙያ ይንገር። በቡናው ላይ ጫት የሚጨምር ሰው ደግሞ ሁለት አነቃቂዎችን ደራርቧልና ጥፋቱን በቡናው ላይ ብቻ አያሳብብ።

በረመዷን ይህ ሁሉ ጎልቶ ይታያል። ከተራዊሕ በኋላ ምሽት 3 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደም ውስጥ ነው፤ ለሱሁር የሚነሳው ሰው እንቅልፍ ሳይጠግብ ይነሳል። በአፍጥር ሰዓትም ቴምርና ሾርባ ሳይቀድሙ አቦል የሚጎነጭ ሰው ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለውን ጨጓራውን ይቀሰቅሰዋል። ከዚህ የሚብሰው ግን ራስ ምታቱ ነው። ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ማመም ይጀምረዋል፤ ከ2 እስከ 9 ቀንም ሊቆይ ይችላል። ብዙዎች ማታ እንዳፈጠሩ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይውጡና ከላዩ ቡና ይጠጡበታል። እነዚህ መድኃኒቶች የጨጓራን ግድግዳ ያቆስላሉ፤ ወቀሳው ግን በቡናው ላይ ይወድቃል። ቡና የሚያዘወትሩ ሰዎች ከሻዕባን አጋማሽ ጀምረው በየሁለትና ሦስት ቀኑ አንድ ስኒ እየቀነሱ ቢሄዱ ራስ ምታቱ ይለዝባል። መድኃኒት ግድ ከሆነም ለጨጓራ የሚሻለው ፓራሲታሞል ነው።

ቡናን ለአንድ ሳምንት ትተው፣ ሌላውን ምግብ ሳይለውጡ ሕመሙ እንዳለ ከቀጠለ ጥፋተኛው ቡናው አይደለም ማለት ነው። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ በአገራችን በሰፊው ይገኛል፤ የጨጓራ ቁስለት ያስከትላል፤ በሰገራ ምርመራ ይለያል፤ ሐኪም በሚያዘው መድኃኒትም ይድናል። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ደም ያስመለሰው፣ ያለ ምክንያት የከሳ ወይም ምግብ አልወርድ ያለው ሰው ግን ሳምንት መጠበቅ የለበትም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ።