ኮዱን ለማንም አንንገር



ሰሞኑን በወሎ ሰፈር ቡና ላይ የማይጠፋ ወሬ አለ፤ የእግር ኳስ ውርርድ ሂሳባቸው ስለተሰረቀባቸው ልጆች። «ደግሞ ለቁማርተኛ ማን ያዝናል!» የምንል ብዙዎች ነን። ይህ አነጋገር ግን የሚጠቅመው ሌባውን ነው እንላለን። ልጁ አፍሮ ዝም ሲል፣ ሌባው ወደሚቀጥለው ቤት ይሻገራል።

የአንድ ጎረቤታችን ነገር እንዲህ ነው። 3,400 ብር አሸንፎ ክፍያው ዘገየበት። በቴሌግራም የአወራራጁ ገጽ ሥር «ብሬ አልገባም» ብሎ ጻፈ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የድርጅቱን አርማ የለጠፈ ሰው በግል መጣና «የደንበኞች አገልግሎት ነን፤ ስልክ ቁጥርዎን ይላኩ» አለው። ላከ። ወዲያው ባለስድስት አኀዝ ኮድ በአጭር መልእክት ደረሰው። «ማንነትዎን እንድናረጋግጥ ኮዱን ይንገሩን» ሲባል ነገረ። በቃ፣ አለቀ።

ምን ተደረገ? ሌባው በገዛ ስልኩ የውርርዱን መግቢያ ከፍቶ የልጁን ቁጥር አስገባና «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ነካ። ኮዱን የላከው እውነተኛው ድርጅት ነው፤ መልእክቱ ያላጠራጠረውም ለዚህ ነው። ሐሰተኛው ኮዱን የጠየቀው ሰው ነው። በዚያ ኮድ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ባለቤቱን ውጭ አስቀረው።

መለያው ቀላል ነው። አንደኛ፣ ማን ማንን ፈለገ? ቅሬታችንን አይቶ በግል የሚመጣ «ሠራተኛ» አይታመንም፤ እኛው በድርጅቱ መተግበሪያ ውስጥ ባለው አድራሻ እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ኮዱን ብቻ ሳይሆን መልእክቱን ሙሉውን እናንብብ። የይለፍ ቃል መቀየሪያ ነው ካለ፣ ማንነት ማረጋገጫ አይደለም።

ሁለተኛ ቁልፍም እንጨምር። የውርርዱ መተግበሪያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካለው ይከፈት። በአጭር መልእክት ከሚላከው ይልቅ፣ በስልካችን ውስጥ በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጠውን ኮድ የሚያወጣ መተግበሪያ ይሻላል። ቴሌግራምም በዚሁ ዘዴ ይሰረቃል፤ ከዚያ ሌባው በእኛ ስም ከአክስቶቻችን ብር ይለምናል። ስለዚህ Settings፣ Privacy and Security፣ Two-Step Verification ገብተን ተጨማሪ የይለፍ ቃል እናብጅ። የቴሌብር ምስጢር ቁጥር ከውርርዱ የይለፍ ቃል ጋር አንድ አይሁን።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ። ሁለተኛውንም ኮድ በአፋችን ከተናገርን ወይም በተላከልን ሐሰተኛ ገጽ ላይ ከጻፍነው፣ ቁልፉን ራሳችን ሰጠን ማለት ነው።

ኮዱን የነገረ ሰው ቶሎ የይለፍ ቃሉን ይቀይር፤ መግባት ካቃተው ድርጅቱ ሂሳቡን እንዲያግድ ይጠይቅ። የቴሌብር ምስጢር ቁጥሩንም ከተናገረ ወደ 127 ይደውል። ይህ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ልጁ ደንግጦ ሲመጣ መጀመሪያ ስልኩን አብረን እንክፈት፤ ቁጣው ለማታ ይደርሳል።