ዱቲው ጡረታ አይወጣም

ቢቸና ውስጥ 30 ዓመት ያገለገለች ነርስ በ2019 መስከረም ጡረታ ትወጣለች እንበል። ደመወዟ 6,000 ብር ነበር፤ በመስከረም 2018ቱ ጭማሪ 9,000 ሆነላት። ዱቲ 3,000፣ የተጋላጭነት አበል ደግሞ 1,000 ብር ታገኛለች። ቁጥሩን ለስሌት እንዲመች ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አሠራሩ ግን የሕጉ ነው።

በየወሩ ግብርና መዋጮ ሳይነሳ 13,000 ብር ይከፈላታል ማለት ነው። ቤተሰቧም ባለሱቁም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። የጡረታ ሕጉ የሚያውቀው ግን 9,000ውን ብቻ ነው። በ2014 የወጡት ሁለቱ የጡረታ አዋጆች፣ የመንግሥት ሠራተኛውም የግሉም፣ ደመወዝ የሚሉት ለመደበኛ የሥራ ሰዓት የሚከፈለውን ሙሉ የወር ደመወዝ ነው። ዱቲ፣ ትርፍ ሰዓት፣ ቦነስ፣ ውሎ አበል፣ የቤትና የትራንስፖርት አበል ከዚህ ውጭ ናቸው። የሥራ ግብር ዱቲውን አይምረውም፤ ጡረታ ግን አይቆጥረውም።

አበሏን እንቁጠር። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ 20 ዓመታት በየዓመቱ 1.25 በመቶ፣ ድምሩ 55 በመቶ ነው። 55 በመቶው የሚሰላው ግን በመጨረሻው ደመወዝ ሳይሆን በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ላይ ነው። ሁለቱን ዓመት 6,000፣ አንዱን 9,000 ስላገኘች አማካይዋ 7,000 ይሆናል፤ ጡረታዋም 3,850 ብር። ትናንት 13,000 ሲከፈላት የነበረች ሴት ከሲሶ ባነሰ ገቢ ቤት ልትመራ ነው። እሷ ቀድማ ብትሞት ለባለቤቷ የሚደርሰው የዚሁ ግማሽ ነው።

ዱቲና አበሉ ሦስቱንም ዓመት ቢቆጠርላት ጡረታዋ 6,050 ይደርስ ነበር። በነፃ ግን አይደለም፤ ከእሷ 7 በመቶ፣ ማለትም 280 ብር፣ ከአሠሪዋም 11 በመቶ፣ 440 ብር፣ በየወሩ ይጨመር ነበር። መዋጮ ሳይከፈልበት የኖረ ገንዘብ በመጨረሻ ሰዓት ይቆጠር ማለት ፈንዱን መዝረፍ ነው። በየወሩ የማይቋረጥ አበል ግን ከመጀመሪያው መዋጮ እየተከፈለበት የማይቆጠርበት ምክንያት አይታየኝም። ውሎ አበልና ቦነስ ይቅሩ፤ ያልፋሉ።

የግሉ ዘርፍ ነገር ይብሳል። ሞጣ ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት መምህሩን በ8,000 ብር ተስማምቶ 5,000ውን ደመወዝ፣ 3,000ውን አበል ብሎ ቢመዘግበው፣ አሠሪው በወር 330 ብር ያተርፋል። መምህሩም መዋጮው ስላነሰ እጁ የሚገባው በ210 ብር ይጨምራል፤ ደስ ብሎትም ይፈርማል። በስተርጅና ጡረታው በ5,000ው ይሰላል። ክፍያው ለመደበኛው የማስተማር ሰዓት ከሆነ ስሙ አበል መባሉ ብቻ ከደመወዝነት ሊያወጣው አይገባም፤ ይህን መከራከር የሚቻለው ግን በሥራ ላይ እያሉ ነው።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ፔሮሉ ላይ የተቆረጠብዎትን የጡረታ መዋጮ በ100 አባዝተው ለ7 ያካፍሉ። ለነርሷ 630 ብር ከተቆረጠ 9,000 ይወጣል፤ ለመምህሩ 350 ከሆነ 5,000። የሚያገኙት ቁጥር በዚያ ወር ለጡረታ የሚቆጠርልዎት ደመወዝ ነው። ከተቀጠሩበት ደብዳቤ ጋር ካልገጠመ፣ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይጠይቁ።