«በዋጋ አንጣላም» ማለት ይቅርብን

አምና ሠርግ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ካለው ሰው ጋር ተዋወቅኩ። ለሳምንታት በቴሌግራም ስንጫወት ቆይተን አንድ ቀን «ዕቃዬ ከመዝገቡ ጋር አልገጥም አለኝ፤ እስቲ እይልኝ። ስንት ነው የምትጠይቀኝ?» አለኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ይሉኝታ ያዘኝና «ኧረ በዋጋ አንጣላም» አልኩት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ቆጠርኩ። በልቤ 15,000 ብር ይዣለሁ። እሱ 3,000 ብር በፖስታ ሰጠኝና ጥሩ ምሳ ጋበዘኝ። አላጭበረበረኝም፤ የወዳጅ ውለታ መስሎታል። ዛሬ ግን መልእክቱ ሲመጣ ቶሎ አልከፍተውም።

ወዳጅነትን የሚያበላሸው ዋጋ መናገር ይመስለናል። እኔ ግን የሚያበላሸው ዋጋ ሳይነገር ሥራ መጀመር ነው እላለሁ።

ጨዋታው ወደ ሥራ የሚዞርበትን ቦታ ማወቅ ይቻላል። ሰው «ሒሳቡ አስመረረኝ» ሲል ብሶቱን እየነገራችሁ ነው፤ ስሙት። ያኔ ዋጋ ማንሳት ያስቀይማል። «እይልኝ» ካለ፣ ሰነድ ከላከ ወይም «መቼ ይደርሳል?» ብሎ ከጠየቀ ግን ሥራ እየሰጣችሁ ነው።

በቅርቡ አንዲት የካፌ ባለቤት የሁለት ወር ደረሰኝ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። እንዲህ መለስኩላት፦

«እህቴ፣ አየሁት። የቤትሽና የካፌው ወጪ ተደባልቋል፤ መጀመሪያ እሱን ለዪው። ሙሉውን ማጥራት ግን በክፍያ የምሠራው ሥራ ነው። ከፈለግሽ ምን እንደምሠራና ዋጋውን ጽፌ ነገ ልላክልሽ? ባይመችሽም ቡናችን አይቀርም።»

አንድ ጠቃሚ ነገር በነፃ ሰጠኋት፤ ቀሪው በክፍያ እንደሆነ ነገርኳት፤ ዋጋውን ከመናገሬ በፊት ፈቃዷን ጠየቅኩ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ «አይሆንም» ማለት እንዳይከብዳት ናት።

«ላክልኝ» አለች። በማግስቱ ግማሽ ገጽ ላክሁ፦ የሁለት ወር ደረሰኝ ማጥራት፣ በ6 ቀን፣ 12,000 ብር፣ ግማሹ ሲጀመር ግማሹ ሲያልቅ። ግብር ማስታወቅን እንደማይጨምርም ጻፍኩ። «ላንቺ ስል» የሚል ቃል አላስገባሁም፤ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ቅናሽ ዋጋው መጀመሪያውኑ የተጋነነ ያስመስለዋል።

«በዛብኝ» አለችኝ። ዋጋውን ብቻ ብቀንስ ያው የፖስታው ታሪክ ይደገም ነበር። ስለዚህ ሥራውን ቀነስኩ፦ አንድ ወር ብቻ፣ 6,000 ብር። ተስማማን።

ዝም ብትል ኖሮ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ጠይቄ እተወው ነበር። ከዚያ በኋላ የምልከው መልእክት ሰላምታ ብቻ ነው።

ይህ መንገድ ለሥጋ ዘመድ አይሠራም። ለአክስቴ ልጅ ግማሽ ገጽ ብልክ ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማዋል። ለእነሱ ወይ በነፃ እሠራለሁ ወይ ጊዜ የለኝም እላለሁ፤ ያንንም ገና ሥራውን ሳልነካ።